ዋጋው በአደባባይ፣ ልኬቱ በውስጥ መስመር፦ አንባቢን የማይጎተጉት ጥሪ እንዴት ይጻፋል

ኅዳር ሲጋመስ ጀምሮ ጎንደር ውስጥ የሀገር ልብስ የሚሰፉ ሰዎች የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ይሟሟቃል። ለጥምቀት ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የሚገባው እንግዳ ልብሱን ከመምጣቱ በፊት ማዘዝ ይፈልጋል፤ ሰፊውም ይህን ያውቃል። ፎቶው ያምራል፣ ጥበቡም ያምራል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ጥሪ ግን ከሱቅ ሱቅ ብዙም አይለይም፦ «ፍጠኑ! እንዳያመልጣችሁ! ዋጋ በውስጥ መስመር። ላይክና ሼር ማድረግ አይርሱ!»

ብዙው አንባቢ ይህን የሚያልፈው ልብሱን ጠልቶ አይደለም። ያቆመው ሌላ ነው። ልኬቱን ከሩቅ ሆኖ እንዴት እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ዋጋ ጠይቆ ከአቅሙ በላይ ቢሆንበት ያፍራል፤ ለከተራ መድረሱንም የነገረው የለም። ጥሪው ከእነዚህ አንዱንም ሳይመልስለት «ፍጠን» ይለዋል። ጉትጎታ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ቃለ አጋኖው የሚያባብሰው ትንሽ ነው፣ ዋናው ጥፋት ከዚያ በፊት ተሠርቷል።

አንድ ፖስት ይዘን ከመነሻው እስከ መጀመሪያው የደንበኛ መልእክት ድረስ እንሂድበት። ለምሳሌ ያህል አራዳ ገበያ አካባቢ ሱቅ ያላት አንዲት የሀገር ቀሚስ ሰፊ እናስብ፤ ደንበኞቿ «እትዬ» ይሏታል። ቻናሏን የሚከታተሉት ግማሾቹ ከተማው ውስጥ ያሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ለጥምቀት የሚመጡ ዘመዶቻቸው ናቸው። የምትፈልገው የጥምቀት ትዕዛዝ ነው።

1. ጥሪውን ከመጻፋችሁ በፊት ፖስቱን ጨርሱት

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከጥሪው ነው፤ «እንዲያዙ ነው የምፈልገው» ብሎ ከላዩ ላይ ትንሽ ማሞቂያ ይጽፍበታል። ተቃራኒውን አድርጉ። አንባቢው ልብሱን ከማዘዙ በፊት የሚቸገርበትን አንድ ነገር ምረጡና እሱን ሙሉ በሙሉ አስረዱት። ለእትዬ ያ ነገር ልኬት ነው። ስለዚህ የፖስቷ ርእስ «የጥምቀት ቀሚስ አለን» ሳይሆን «ቤታችሁ ሆናችሁ የቀሚስ ልኬት እንዲህ ውሰዱ» ይሆናል።

ይዘቱም እውነተኛ ይሁን። ደረት የሚለካው ሜትሩ በብብት ሥር አልፎ በሰፊው ቦታ ላይ ሲዞር ነው፤ ጀርባ ላይ ወደ ታች ከወረደ ልኬቱ ይሳሳታል። ወገብ በጠባቡ ቦታ፣ ዳሌ በሰፊው ቦታ ይለካል፤ ሜትሩ ሥር አንድ ጣት ይግባ። ቁመት በአንገት ሥር ካለው የትከሻ ከፍታ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ሲለካ ግን በከተራ ቀን የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ይሁን። ታቦቱን አጅቦ እስከ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር፦ የሰፊ ሜትር በአንድ ጎኑ ሴንቲ ሜትር በሌላው ኢንች ስላለው፣ «36» ብቻ ተብሎ የተላከ ቁጥር ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ጥሪውን ሳትጨምሩ አንብቡት። አንዲት አንባቢ ይህን ይዛ ሌላ ሰፊ ጋር ብትሄድ ይጠቅማታል? የሚጠቅማት ከሆነ ፖስቱ በራሱ ቆሟል። የማይጠቅማት ከሆነ፣ ማለትም ዋናውን ነገር «ሲያናግሩን እንነግርዎታለን» ብላችሁ ይዛችሁት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ጥሪ የቱንም ያህል ቢለዝብ ማጥመጃ መሆኑ ይታወቃል። «ሁሉን በነጻ ከነገርኳቸው ለምን ይመጣሉ?» የሚል ሰፊ ይኖራል። ልኬት መውሰድ የተማረ ሰው ግን ቀሚስ መስፋት አልተማረም። እንዲያውም ሜትሩን በእጇ የያዘች ሴት ለማዘዝ አንድ እርምጃ ቀርቷታል።

2. አንባቢው የሚቸገርበትን ቦታ ፈልጉ፣ ጥሪው እዚያ ይግባ

ጥሪ መጨረሻ ላይ ብቻ ይቀመጣል የሚል ሕግ የለም። ፖስቱን እንደ አንባቢ ሆናችሁ ስታነቡ «ይህን ብቻዬን አልችለውም» የምትሉበት ቦታ አለ። በልኬቱ ፖስት ውስጥ ያ ቦታ ትከሻ ነው። ደረትንና ወገብን ሰው ብቻውን ይለካል፤ ትከሻን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጀርባ በኩል ብቻውን መለካት ግን አይሆንለትም። ሰው ከሌለው ያለው መላ ልክክ ያለለትን አንድ ልብስ አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት መለካት ነው።

እዚያው ላይ፣ አንባቢዋ ልብሷን ፍለጋ ቁም ሳጥን ልትከፍት ስትል፣ ጥሪው ቢመጣ እገዛ ይሆናል፦ «ስፌቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር ካልለየላችሁ፣ ልብሱን ሜትሩ ላዩ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ አይቼ እነግራችኋለሁ።» ተመልከቱ፣ እዚህ ውስጥ ስለ ትዕዛዝ አንድም ቃል የለም። የላከችው ሴት ግን አሁን ከሰፊዋ ጋር እየተነጋገረች ነው። የተጠየቀችውም የራሷን ፎቶ ሳይሆን የልብስ ፎቶ ነው። «ሙሉ ፎቶዎን ይላኩ» የሚል ጥሪ ስንቷን ጨዋ ሴት እንደሚያስኮርፍ መናገር አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጥሪ ከዚህ የተለየ ሰውን ያያል። እስከ ታች ያነበበች ሴት ልኬቷን ይዛለች፤ ቀጥሎ የምትጠይቀው «ስንት ነው? ይደርሳል ወይ?» ነው። ስለዚህ የታችኛው ጥሪ ስለ ዋጋና ስለ ቀን ይናገራል። ሁለት ጥሪ፣ ለሁለት የተለያየ ጥያቄ፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ፖስት ይበዛል። አንዱኑ ጥሪ ሦስት ቦታ መድገም ደግሞ ገበያ ውስጥ እጅጌ ይዞ እንደመጎተት ነው።

መጀመሪያው መስመር ላይ ጥሪ አታስቀምጡ። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ ይቆርጠዋል፤ የቴሌግራም ማሳወቂያም የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ቃላት ነው። እዚያ የሚታየው «አሁኑኑ ይዘዙን» ከሆነ አንባቢው የተቀረውን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። «ትከሻን ብቻችሁን ለመለካት አንድ ልብስ ይበቃል» ከሆነ ግን ይከፍተዋል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ሥር የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ፦ ተራው ተጠቃሚ ከፎቶ ሥር መጻፍ የሚችለው እስከ 1024 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ትምህርቱን ቆርጣችሁ ጥሪውን ከምታተርፉ፣ ፎቶውን ለብቻ ልካችሁ ጽሑፉን ከሥሩ እንደ መደበኛ መልእክት ብታወጡት ይሻላል።

3. የቱ በአደባባይ፣ የቱ በውስጥ?

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ እኔ ግን ጥሪዎቻችንን ከሁሉ በላይ ያበላሸው እሱ ይመስለኛል። ሻጩ የራሱ ምክንያት አለው፦ ተፎካካሪ ዋጋውን እንዳያይ፣ ደንበኛው ቀርቦ ሲያናግር ለማግባባት እንዲመች። አንባቢው ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል፤ ፊቱ ታይቶ ዋጋ ሊቆረጥለት ይመስለዋል። በተለይ ከውጭ አገር የሚጽፍ ሰው «የኔ ዋጋ ከጎረቤቴ ይለያል ማለት ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሁልጊዜም አይሳሳትም።

አስገራሚው ነገር በዚያው ፖስት ሥር «ቁመታችሁንና ኪሏችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን» የሚል መጨመሩ ነው። በአደባባይ መሆን የሚገባው በውስጥ፣ በውስጥ መሆን የሚገባው በአደባባይ! አዙሩት። ዋጋው ፖስቱ ላይ ይጻፍ፤ የሰውነት ልኬት፣ ስልክና አድራሻ በውስጥ መስመር ይምጣ፤ ለምን በውስጥ እንደሆነም በግማሽ መስመር ይነገር፦ «ልኬታችሁን ሰው እንዳያይባችሁ ኮሜንት ላይ ሳይሆን በውስጥ ላኩ።» ያኔ «በውስጥ መስመር» የሚለው ቃል የአንባቢዋን ገመና መጠበቂያ ይሆናል።

ዋጋው እንደ ጥበቡ ስፋትና እንደ ጨርቁ የሚለያይ ከሆነ ከዚህ እስከዚህ በሉ፤ የሚለያየው በምን እንደሆነም ጨምሩ። «ከነነጠላው ከ9,000 እስከ 14,000 ብር፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የጥበቡ ስፋት ነው» ማለት ይበቃል (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። 9,000 ብር የሌላት አንባቢ በዚህ ታልፋለች። ይሁን፤ ሦስት መልእክት ተጻጽፋ ከምታፍር ይህ ይሻላታል፣ ለእናንተም ይሻላል።

የምትጠይቁትም የሰጣችሁትን ያህል ይሁን። ልኬት ያስተማረ ፖስት ልኬት ቢጠይቅ ይመጣጠናል። ያው ፖስት «ቀብድ በቴሌብር ያስገቡ» ቢል አይመጣጠንም፤ ገና አልተዋወቃችሁምና። ቀብድ ልኬቱ ከመጣ፣ የጥበቡ ዓይነት ከተመረጠና የመጨረሻው ዋጋ በጽሑፍ ከታወቀ በኋላ ይጠየቃል። ነገር ግን ፖስቱ ውስጥ ቀብድ መኖሩን መደበቅም አይገባም፤ «ሥራ የሚጀመረው ግማሽ ቀብድ ሲከፈል ነው፣ እሱን ግን ዋጋው ላይ ከተስማማን በኋላ እንነጋገርበታለን» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው።

4. ቃላቱን «ለማን?» ብላችሁ ፈትሹ

አማርኛ በግሡ ጫፍ ላይ ጥቅሙ የማን እንደሆነ ይናገራል። «ደውሉልን»፣ «አጋሩልን»፣ «ላይክ አድርጉልን»፣ «ተከተሉልን» ስትሉ ሁሉም ለእናንተ የሚደረግ ውለታ ነው። አንባቢው አራት ጊዜ ውለታ ሲጠየቅ ቃሉን ባይለየውም ይሰለቻል። ጥሪያችሁን አንሡና «ልን» ወይም «ልኝ» ያለበትን ሁሉ አስምሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ላችሁ» ወይም «ኋለሁ» የሚል የእናንተ ድርሻ ካለ ይቆይ። «ብትልኩልኝ እነግራችኋለሁ» ሚዛኑን ጠብቋል። «ላኩልን» ብቻውን ግን አልጠበቀም።

አሉታዊ ትዕዛዝም ተጠንቀቁ። «እንዳያመልጣችሁ»፣ «ሳታዩ እንዳታልፉ»፣ «አይርሱ» አንባቢውን ገና ያላጠፋውን ጥፋት ያስጠነቅቁታል። ከዚህ የባሰው በበዓል ሰሞን የሚመጣው ነው፤ የታቦት ወይም የመስቀል ፎቶ አድርጎ «ሼር ያላደረገ…» እያሉ በሃይማኖቱ መያዝ። ለጥምቀት ልብስ የሚሸጥ ሰው ይህ ሊቀለው ይችላል፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ አማኝ ነውና። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ አማኙም ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ጨዋ ለመሆን ሲባል ጥሪውን ማድበስበስም አለ። «ምናልባት ፈቃዳችሁ ከሆነና ጊዜው ከተመቻችሁ ብታናግሩን ደስ ይለናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ትሑት ነው፣ ግን አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «እባካችሁ» ሲደጋገምም ልመና ይሆናል። ምን እንደሚላክ፣ የት እንደሚላክ፣ ሲላክ ምን መልስ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ የተናገረ ዓረፍተ ነገር «እባካችሁ» ባይኖርበትም ጨዋ ነው።

«እናንተ» ወይስ «እርስዎ»? ለብዙ ሰው በሚወጣ ፖስት ላይ «እናንተ» ይሻላል ባይ ነኝ፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዱንም ሴቱንም ያለ ጣጣ ይይዛል። «እርስዎ» በየመስመሩ ሲደጋገም የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። የመረጣችሁትን ግን እስከ መጨረሻ ያዙ። «ይደውሉ» ብሎ ጀምሮ «እንዳያመልጥሽ» ብሎ የሚጨርስ ጥሪ ከሁለት ቦታ እንደተገለበጠ ያስታውቃል። በውስጥ መስመር ስትመልሱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የጻፈችው ማን እንደሆነች እስክታውቁ ድረስ «እርስዎ» ነው፣ እሷ «አንቺ በይኝ» ካለች ይቀጥላል።

5. ቀነ ገደቡን ቆጥራችሁ አሳዩ

ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11 መሆኑን አንባቢው ያውቃል። የማያውቀው እናንተ «እስከ ታኅሣሥ 5» የምትሉበትን ምክንያት ነው። ምክንያቱ ካልተነገረ፣ ቀነ ገደብ የማጣደፊያ ዘዴ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አሳዩት።

የእትዬ ቆጠራ እንዲህ ይሄዳል። ቀሚሱ ከበዓሉ በፊት ተለብሶ መሞከር ስላለበት ጥር 5 እጅ መግባት አለበት። እሷ ለመስፊያ 12 ቀን ትወስዳለች፤ መሀል ላይ የገና በዓል ስላለ ከዚያ ማሳጠር አትችልም። ይህ ወደ ታኅሣሥ 23 ይወስደናል። ሸማኔው ጨርቁንና ጥበቡን ለመሥራት 15 ቀን ይፈልጋል፤ ታኅሣሥ 8። የተላከ ልኬት ተሳስቶ ቢገኝ ለመጠያየቅ 3 ቀን፤ ታኅሣሥ 5። ቀኖቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ እናንተ ከሸማኔያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ የራሳችሁን ቁጠሩ።

ፖስቱ ላይ ይህ ሁሉ አይወጣም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ሸማኔው 15 ቀን፣ እኔ ደግሞ 12 ቀን ስለምንፈልግ፣ ልኬቱ እስከ ታኅሣሥ 5 (ዲሴምበር 14) ከደረሰኝ ጥር 5 ለብሳችሁ ትሞክሩታላችሁ።» ዓረፍተ ነገሩ ላይ ማስፈራሪያ የለም፤ አንባቢዋ ራሷ ቆጥራ ትቸኩላለች። የፈረንጁን ቀን የጨመርነው ውጭ አገር ላሉት ነው፤ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት ዓመት አንድ ቀን ስለሚገፋ የዓመቱን አቆጣጠር አይታችሁ ጻፉ።

ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። «እስከ ታኅሣሥ 5» ብሎ ታኅሣሥ 20 ላይ አዲስ ትዕዛዝ የሚቀበል ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቀኑን የሚያምነው የለም። ዘግይተው ለሚመጡት ሌላ እውነተኛ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ተሰፍቶ የተቀመጠ ቀሚስ ወይም ነጠላ ብቻ፣ እሱን ለብቻው አቅርቡ።

6. አድራሻው ይሠራ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ጥሪ የሚሞተው እዚህ ነው። «09…» ብሎ የሚጀምር ስልክ ጀርመን ላለች የአክስት ልጅ አይሠራላትም፤ 0ው ወጥቶ ከፊት +251 ይግባበት። ሊንኩ ወደ ቻናሉ መልሶ የሚወስድ ሳይሆን በቀጥታ መልእክት መጻፊያውን የሚከፍት ይሁን። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ሊንክ መልእክቱን በከፊል ጽፎ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ `USERNAME` ባለበት መልእክት የምትቀበሉበትን የቴሌግራም መለያ ስም እንጂ የቻናሉን አይደለም፣ በ`X` ቦታ ቁጥራችሁን ተኩ፣ ዋትስአፑ ላይ የመደመር ምልክት አይገባም፦

```
https://t.me/USERNAME?text=ልኬት
https://wa.me/2519XXXXXXXX?text=ልኬት
```

አንባቢዋ ስትነካው «ልኬት» የሚለው ቃል ተጽፎ ይጠብቃታል፤ እናንተም መልእክቱ ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከማውጣታችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት።

ሱቅ ለሚመጡትም «አራዳ» ብቻ አይበቃም፤ ጎንደሬ ያውቀዋል፣ እንግዳ አያውቀውም። ከጃንተከል ወይም ከፒያሳ ተነሥታችሁ ምሩ። መልስ የምትሰጡበትን ሰዓትም ስትጽፉ «በኢትዮጵያ ሰዓት» በሉ፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ውጭ አገር ላለ ሰው የሌሊት ሊመስለው ይችላል።

7. ተሠርቶ ሲያልቅ

መጀመሪያ ያየነው ጥሪ እንዲህ ይለወጣል። መሀል ላይ፣ ከትከሻ ልኬት ቀጥሎ፦

«ስፌቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር ካልለየላችሁ፣ ልብሱን ሜትሩ ላዩ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ አይቼ እነግራችኋለሁ። ሌላ ሰፊ ጋር የምታሰፉ ብትሆኑም ግድ የለም።»

መጨረሻ ላይ ደግሞ፦

«ለጥምቀት እኔ ጋር ማሰፋት ለምትፈልጉ፦ ቀሚስ ከነነጠላው ከ9,000 እስከ 14,000 ብር ነው፤ ልዩነቱ በጥበቡ ስፋት ነው። ሸማኔው 15 ቀን፣ እኔ 12 ቀን ስለምንፈልግ፣ ልኬቱ እስከ ታኅሣሥ 5 (ዲሴምበር 14) ከደረሰኝ ጥር 5 ለብሳችሁ ትሞክሩታላችሁ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻና ቁመት በሴንቲ ሜትር ጻፉና በውስጥ ላኩ፤ ኮሜንት ላይ አትጻፉት፣ ሰው ያየዋል። በኢትዮጵያ ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ከላካችሁ የዚያኑ ቀን ቁርጥ ዋጋውን እነግራችኋለሁ። ቀብድ የሚከፈለው ከተስማማን በኋላ ነው።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል። ይርዘም፤ አንባቢዋ መልስ የምትፈልግባቸውን ጥያቄዎች ነው የያዘው። «ሌላ ሰፊ ጋር የምታሰፉ ብትሆኑም» የሚለውን ብዙ ነጋዴ ሲያየው ይደነግጣል። ተዉት ይቆይ። መውጫ በር ያየ ሰው ለመግባት አይፈራም፣ ሜትሩን ይዞ ሌላ ጋር የሄደውም ያስተማረውን ሰው ስም ለእህቱ ይናገራል።

8. የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች አንብቡ

ጥሪው መሥራቱን ከተመልካች ብዛት አታውቁትም። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከፖስቱ ሥር ያለው የዓይን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደታየ ብቻ ነው የሚናገረው። መሥራቱን የሚናገረው የሰዎቹ የመጀመሪያ መልእክት ነው። «ሰላም» ብቻ ብለው ዝም ካሉ፣ ምን መላክ እንዳለባቸው አልገባቸውም፤ ጥሪው ላይ የሚላከው ነገር ጎልቶ አልተጻፈም ማለት ነው። «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ከበዛ፣ ዋጋው ተጽፎም ቢሆን ተሸሽጓል፤ ወደ ራሱ መስመር አውጡት። «ይደርሳል ወይ?» ከሆነ ቀኑ አልታመነም። አምስት ቁጥር በቀጥታ ከመጣ ጥሪው ሥራውን ሠርቷል። ማንም ካልጻፈ ደግሞ ጥሪውን ከመነካካት በፊት ፖስቱን እዩ፤ ምናልባት ልኬት ችግራቸው አልነበረም፣ ሰዎቹ የሚፈሩት የጨርቁን ጥራት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሌላ ፖስት ያስፈልጋል እንጂ ሌላ ጥሪ አይደለም።

መልሳችሁም የጥሪው አካል ነው። አንዲት ሴት ሜትር የያዘ የልብስ ፎቶ ልካ «እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ስፌቱ ይሄ ነው?» ብላ ብትጽፍ፣ መጀመሪያ የጠየቀችውን መልሱ፦ «እንደምን ዋልሽ» አይደለም፣ ገና አላወቅናትም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ። አዎ፣ ስፌቱ እሱ ነው፤ ሜትሩን ግን ወደ አንገቱ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ትክክለኛው ቁጥር ይወጣልዎታል።» እዚያ ላይ አቁሙ። «ታዲያ ልስፋልዎት?» አትበሉ፤ ለመንገር ብቻ ቃል ገብታችሁ ነበር፣ ቃሉም ተፈጽሟል። ልታዝ የመጣች ከሆነ ዋጋውም ቀኑም ፖስቱ ላይ አለላት።

ታኅሣሥ 5 ሲያልፍ ፖስቱን አታጥፉት፤ ሰው ገና እየተቀባበለው ነው። የታችኛውን ጥሪ ብቻ ክፈቱና አርሙት፦ «የዘንድሮ የጥምቀት ትዕዛዝ ተዘግቷል። ተሰፍቶ የተቀመጠ ነጠላ አለ፣ ዋጋው 2,500 ብር። የትከሻ ልኬት የምትጠይቁ ግን አሁንም ፎቶውን ላኩ።»